ወረፋው ከየት መጣ? ስለ ሦስቱ የኢኮኖሚ ሥርዓቶች ለተጻፈው ማብራሪያ የምላሽ ጽሑፍ

«ልጆች፣ ነገሩ ቀላል ነው። 1) በገበያ ኢኮኖሚ መንግሥት እጁን አያስገባም፣ በዕዝ ኢኮኖሚ ደግሞ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። 2) የዕዝ ኢኮኖሚ የወደቀው ሠራተኛው ስለሚሰንፍ ነው። 3) ቅይጥ ኢኮኖሚ የሁለቱን ጥሩ ጥሩውን መርጦ ግማሽ በግማሽ የያዘ ነው። 4) ለፈተና የየሥርዓቱን ጥቅምና ጉዳት በቃል መያዝ ይበቃል።»

ከላይ ያለው የማብራሪያው ፍሬ ነገር ነው፣ ጽሑፉን የላከችልኝ አንዷ ተማሪዬ ናት፣ «ቲቸር ይሄን ብቻ ባነብ ይበቃኛል?» ብላ። እውነቱን ለመናገር መግቢያው ጥሩ ነው፣ ምን ይመረት፣ እንዴት ይመረት፣ ለማን ይመረት የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ጸሐፊው አሳምሮ አስቀምጧቸዋል። ችግሩ ከዛ በኋላ ረስቷቸዋል፣ እኔም የምጽፈው ለዛ ነው።

አንደኛው ነጥብ ላይ ስህተቱ ሁለት ነው፣ ትልቁ ግን የዋጋው ስለሆነ ከሱ ልጀምር፣ የመንግሥቱን ሦስተኛው ላይ እመለስበታለሁ። የዕዝ ኢኮኖሚ በነበራት በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሰው ደሞዙን በሩብል ይቀበል ነበር፣ ሱቅ ገብቶም በሩብል ይገዛ ነበር፣ እንደውም ብዙ ዕቃ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ዋጋው ታትሞበት ነው የሚመጣው። ዋጋ ነበረ ማለት ነው። እና ዋጋ ቀልድ አልነበረም፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የሥጋና የቅቤ ዋጋ ባንዴ በሩብና ከዛ በላይ ሲጨመር ኖቮቼርካስክ የምትባል ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፣ ተተኮሰባቸው፣ ሰው ሞተ። ዋጋ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ሰው ስለ ዋጋ አይሞትም።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ዋጋው ሲለወጥ ማን ምን ያደርጋል የሚለው ላይ ነው። ይሄን በቁጥር ካላየነው ስለማይገባ አንድ ምሳሌ እንሥራ፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንድ ከተማ ውስጥ የጫማ ዋጋ 20 ሲሆን ሰዎች 180 ጥንድ መግዛት ይፈልጋሉ፣ 30 ሲሆን 150፣ 40 ሲሆን 120። የግል ጫማ ሠሪዎች ደግሞ በ20 ከሆነ 100 ጥንድ ነው ሊያቀርቡ የሚፈልጉት፣ በ30 ከሆነ 150፣ በ40 ከሆነ 200። ገበያው በነፃ ከተለቀቀ 30 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም የሚፈለገውም የሚቀርበውም 150 የሚሆነው እዛ ላይ ብቻ ነው፣ ሚዛን የምንለውም ይሄንን ነው።

አሁን መንግሥት «ከ20 በላይ መሸጥ ክልክል ነው» አለ እንበል። ፍላጎት 180፣ አቅርቦት 100፣ ጉድለቱ 80 ጥንድ። ይሄ ጥያቄ ፈተና ላይ በጣም ይወዱታል፣ ተማሪ ደግሞ ሁሌ አንድ ቦታ ነው የሚሳሳተው፣ 150 ላይ 100 ቀንሶ 50 ይላል። ከድሮው ሚዛን ጋር እያወዳደረ ነው፣ ጉድለት ግን የሚለካው በዛው ዋጋ ላይ ባለው ፍላጎትና አቅርቦት መሃል ነው። ሌላው ደግሞ «ስንት ጥንድ ተሸጠ?» ሲባል 180 ብሎ ይጽፋል። የሌለ ጫማ አይሸጥም፣ መልሱ 100 ነው።

እስካሁን ያለው ግን የዕዝ ኢኮኖሚ አይደለም፣ የዋጋ ጣራ የተጣለበት ገበያ ነው። ለዚህ ምሳሌ ከተፈለገ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1971 ላይ ዋጋንም ደሞዝንም ለ90 ቀን ባለበት እንዲቆም አዝዘው ነበር፣ እና አሜሪካ በዛ ምክንያት የዕዝ ኢኮኖሚ ሆነች ያለ የለም። የዕዝ ኢኮኖሚ የሚሆነው ፋብሪካው ራሱ ስንት እንደሚያመርት በዕቅድ ሲነገረው ነው። ጫማ ፋብሪካው «የዘንድሮ ኮታህ 120 ጥንድ፣ መሸጫ ዋጋ 20» ተባለ እንበል። ፍላጎት 180 ስለሆነ 60 ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ ሌሊት ወጥቶ ይሰለፋል። አሁን ዕቅድ አውጪው ወረፋው አስጠላውና ዋጋውን 40 አደረገው። ፍላጎት ወደ 120 ወረደ፣ ወረፋው ጠፋ። ግን እዩት፣ ከድሮው አንድ ጥንድ እንኳ አልጨመረም! የግል ጫማ ሠሪ ቢሆን ኖሮ በ40 ዋጋ 200 ጥንድ ይዞ ይመጣ ነበር፣ ኮታ የተሰጠው ፋብሪካ ግን ዋጋው ለሱ ምንም አይነግረውም፣ የሚሰማው ኮታውን ነው። በገበያ ውስጥ ዋጋ ለገዢም ለአምራችም ነው የሚናገረው፣ በዕዝ ውስጥ ግን ለገዢው ብቻ። ወረፋውን የፈጠረው የተሳሳተው ዋጋ ነው፣ ጫማው እንዳይበዛ ያደረገው ደግሞ ዕቅዱ ነው፣ ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ተማሪ ከክፍሉ ግማሽ ይቀድማል።

እዚህ ጋ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ላይ «እጥረት» የምንለው ለሁለት ነገር ነው፣ ሀብት ከሰው ፍላጎት አንፃር ሁሌም ውስን መሆኑንም እጥረት እንላለን፣ ሱቅ ሄደን ዕቃ ስናጣም እጥረት እንላለን። የመጀመሪያው ሀብታም አገርም ድሃ አገርም፣ በሁሉም ሥርዓት ውስጥ አለ፣ ኢኮኖሚክስ የሚባለው ትምህርት የተፈጠረውም ለሱ ነው። ሁለተኛው ዋጋው ከሚዛኑ በታች ሲታሰር የሚመጣ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን «ውስንነት»፣ ሁለተኛውን «ጉድለት» እያልኩ ነው የማስተምረው፣ እዚህም እንደዛው ነው የተጠቀምኩት። ጸሐፊው ሁለቱን ስለደባለቀ «የገበያ ኢኮኖሚ እጥረትን ያጠፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ አለው፣ ውስንነትን ማንም አያጠፋም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ ሰነፍ ወደሚለው። ይሄ ትንሽ ያናድዳል። እነዛ የሶቪየት ሰዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ የገበሬ አገርን የብረትና የታንክ አገር ያደረጉ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቁም እነሱ ናቸው። ብረት፣ ከሰል፣ መብራት፣ ማለቴ ግቡ ጥቂትና ግልጽ ሲሆን ዕቅድ ይሠራል፣ በጦርነት ጊዜ የገበያ አገሮችም ወደ ዕቅድ የሚዞሩት ለዛ ነው። ችግሩ ያለው ዕቃው ሲበዛ ነው።

ጎስፕላን እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመ የሶቪየት የዕቅድ መሥሪያ ቤት ነው፣ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ደግሞ በ1928 ተጀመረ። ሥራቸው በአጭሩ ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ሚዛን መሥራት ነበር፣ በአንድ በኩል ከየት ስንት ይገኛል፣ በሌላው በኩል ለማን ስንት ይሄዳል፣ ሁለቱ እኩል መምጣት አለባቸው። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሁለት ዕቃ ብቻ እንውሰድ፣ ብረትና ከሰል። 1 ቶን ብረት ለማቅለጥ ግማሽ ቶን ከሰል ይፈልጋል እንበል፣ 10 ቶን ከሰል ለማውጣት ደግሞ ለመሣሪያውና ለሐዲዱ 1 ቶን ብረት ይፈልጋል። ከላይ «ብረት 20 ቶን ይጨመር» የሚል ትዕዛዝ መጣ። ለ20 ቶን ብረት 10 ቶን ከሰል ያስፈልጋል፣ ለዛ 10 ቶን ከሰል ግን 1 ቶን ብረት ይሄዳል፣ ስለዚህ ብረቱ 20 ሳይሆን 21 ሊሆን ነው፣ ለተጨመረችው 1 ቶን ደግሞ ግማሽ ቶን ከሰል፣ ለሱ ደግሞ ሌላ ትንሽ ብረት፣ እያለ እያለ ብረቱ 21 ከምናምን፣ ከሰሉ 10 ተኩል አካባቢ ላይ ይረጋል። ሁለት ዕቃ ስለሆነ በወረቀት ጨረስነው። ትክክለኛው ሰንጠረዥ ላይ ያለው ግን በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ነው፣ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነካል፣ ሒሳቡም የሚሠራው በጊዜው በነበረው ማስያ ነው፣ ዓመቱ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ፣ አንድ ሁለቴ ያስተካክሉና የቀረውን «ፋብሪካዎቹ ይቆጥቡ» ብለው ይዘጉታል። የጎደለው ከሰል ግን በቃል አይሞላም፣ የሆነ ፋብሪካ በር ላይ ሄዶ ጉድለት ሆኖ ይወጣል።

የሚገርመው ደግሞ ሒሳቡ ቢደርስ እንኳ የሚመጣው ቁጥር ራሱ እውነት አልነበረም። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁን ቦታ ላይ ሆናችሁ አስቡት። 100 ማምረት ትችላለህ፣ ኮታህ 90 ነው። 100 ብታመርት ጉርሻ ታገኛለህ፣ ግን የሚቀጥለው ዓመት ኮታህ 100 ይሆናል፣ እሱም ከተሟላ 105። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከሆንክ 91 ታመርትና አቅምህን ትደብቃለህ፣ ጥሬ ዕቃ ስትጠይቅ ደግሞ እንዳይጎድልህ አጋነህ ትጠይቃለህ። ኮታው በምን እንደሚለካም ወሳኝ ነው፣ የመስኮት መስታወት በቶን ሲለካ ወፍራም መስታወት ይመረታል፣ በካሬ ሜትር ሲለካ ደግሞ ሲነኩት የሚሰበር ስስ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ እንደውም ብልጠት ነው፣ ብልጠቱን ወደተሳሳተ አቅጣጫ የሚመራ ሕግ ነው የነበረው። ለጸሐፊው የምሰጠው አንድ ነገር አለ፣ የግል ጥቅም ለውጥ ያመጣል የሚለው ትክክል ነው። የጋራ እርሻ ገበሬዎች በጓሯቸው የነበራቸው የግል ቁራሽ መሬት ከሚታረሰው ወደ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከግብርናው ምርት ሩብ የሚሆነውን ያወጣ ነበር። ግን እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ጓሮ ላይ የሚመረተው አትክልት፣ ወተትና ሥጋ ስለሆነ በዋጋ ከስንዴ ይበልጣል፣ ለከብቶቹ መኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጋራ እርሻው ነበር የሚመጣው። ያው ሰው ነው እኮ ሁለቱም ቦታ ላይ የሚሠራው፣ ሰነፍ ቢሆን ጓሮውም ላይ ይሰንፍ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ግማሽ በግማሽ የሚባል ቅይጥ የለም፣ ቅይጥ ማለት የትኛው ዘርፍ ላይ ማን ይወስናል የሚል ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። ሲንጋፖርን እዩ፣ ንግድ ላይ ዓለም ላይ ካሉት ነፃ ገበያዎች ጋር ነው የምትመደበው፣ ግን አብዛኛው መሬት የመንግሥት ነው፣ ከሕዝቡ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው የሚኖረውም የመንግሥት የቤቶች ድርጅት በሠራው ሕንጻ ውስጥ ነው። ይሄን በምን መቶኛ ትገልጹታላችሁ? መንግሥት እጁን አያስገባም የሚለውም እዚህ ጋ ይፈርሳል፣ ውል የሚያስከብር ፍርድ ቤት፣ ይሄ ንብረት የማን ነው የሚል መዝገብ ከሌለ ገበያው ራሱ አይቆምም። የመንገድ መብራትስ ማን ይሸጥልሃል፣ ያልከፈለውም በብርሃኑ ይሄዳል።

ጥሩ ጥሩውን መርጦ የሚለው ደግሞ ምኞት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋ ነበራት፣ የመንግሥት ፋብሪካ ኮታውን በዝቅተኛው የዕቅድ ዋጋ ያስረክባል፣ ከኮታ በላይ ያመረተውን ግን በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ይሄ በአንድ በኩል ብልህ ነገር ነው፣ ፋብሪካው ከኮታው በላይ ያለችው አንዷ ቶን ላይ የገበያውን ዋጋ ስለሚያይ ይተጋል። በሌላ በኩል ግን ብረትን በዕቅድ ዋጋ የማግኘት ሥልጣን ያለው ሰው በር ላይ አውጥቶ በገበያ ዋጋ ይሸጠዋል፣ ምንም ሳያመርት ልዩነቱን ኪሱ ይከታል፣ ሕዝቡን በጣም ካስቆጡት ነገሮች አንዱም ይሄ ነበር። ቅይጥ የሁለቱን መጥፎም ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው፣ መሸምደዱ። እዚህ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ያየሁትን ላሳያችሁ።

ምርጫ ጥያቄ፦ የገበያ ኢኮኖሚን ከዕዝ ኢኮኖሚ የሚለየው የቱ ነው? ሀ) ገንዘብ መኖሩ ለ) ውስንነት አለመኖሩ ሐ) ሀብት በዋነኛነት በዋጋ ምልክት መመደቡ መ) መንግሥት አለመኖሩ።

መልሱ ሐ ነው። ያንን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ልጅ መ ይላል፣ ሀን የሚመርጥም አይጠፋም።

የ4 ማርክ ጥያቄ፦ በዕዝ ኢኮኖሚ ውስጥ የፍጆታ ዕቃ ጉድለት ተደጋግሞ የሚታየው ለምን እንደሆነ አብራራ።

ሸምድዶ የመጣ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «የዕዝ ኢኮኖሚ ጉዳቶች ጉድለት፣ የጥራት ማነስ፣ ቢሮክራሲና የሥራ ተነሳሽነት ማጣት ናቸው።» አራት ነገር ጽፏል፣ አራት ማርክ ይጠብቃል፣ የሚያገኘው ግን ቢበዛ 1 ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው አብራራ ነው የሚለው፣ እሱ ዘረዘረ። ጭራሽ ጉድለት የተባለውን ራሱን ጉድለት ብሎ መለሰ።

ሙሉ የሚያገኘው ይሄን የመሰለ ነው፦ «በዕዝ ኢኮኖሚ ምን ያህል እንደሚመረት የሚወስነው ማዕከላዊ ዕቅድ ነው፣ ዋጋም በመንግሥት ይተመናል። የተተመነው ዋጋ ከሚዛናዊው ዋጋ በታች ከሆነ የሚፈለገው መጠን ከሚቀርበው ይበልጣል፣ ጉድለትም ይፈጠራል። በገበያ ኢኮኖሚ ቢሆን ዋጋው ይጨምርና አምራቾች ብዙ እንዲያመርቱ ይገፋፋቸው ነበር፣ በዕዝ ኢኮኖሚ ግን ዋጋው ስለማይንቀሳቀስ፣ አምራቹም ኮታውን ብቻ ስለሚከተል ጉድለቱ በራሱ አይስተካከልም። ስለዚህ ዕቃው በወረፋ ወይም በራሽን ይከፋፈላል።» እዩት፣ ጉዳት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፣ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የፊተኛውን ይዞ ነው የሚሄደው።

የ8 ማርክ ጥያቄ፦ «ቅይጥ ኢኮኖሚ ሁልጊዜ ከገበያ ኢኮኖሚ የተሻለ ነው።» ይህን አባባል መርምር።

እዚህ ጋ ቁልፉ «ሁልጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት፣ ፈታኙ ሆን ብሎ ነው ያስገባት። እኔ እንዲህ ብጽፍ ነበር የምወደው፦ «ገበያ ብቻውን ሲተው አንዳንድ ነገሮችን ከሚገባው በታች ያመርታል። ለምሳሌ ክትባት የሚከተበውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትንም ይጠብቃል፣ ሰው ግን ሲገዛ የሚያስበው የራሱን ጥቅም ስለሆነ በገበያ የሚገዛው መጠን ለማኅበረሰቡ ከሚበጀው ያንሳል። መንግሥት ወጪውን ቢሸፍን መጠኑ ይጨምራል፣ በዚህ ዘርፍ ቅይጡ ይሻላል። በሌላ በኩል መንግሥት የጫማ ዋጋን ከሚዛኑ በታች ቢያስር ጉድለት ይፈጥራል፣ ጫማ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ወገን የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ጣልቃ ገብነቱ የሚያስተካክለው ችግር የለም። ስለዚህ የተሻለ መሆኑ የሚወሰነው ዘርፉ ላይ ገበያው የሚሳሳትበት ምክንያት መኖሩና የመንግሥት እርምጃ ያንን ምክንያት የሚነካ መሆኑ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ የሚለው ልክ አይደለም።»

ይሄ መልስ ረጅም አይደለም፣ ክትባትና ጫማ ብቻ ናቸው ያሉት። ግን አንዱ ለአንድ ወገን፣ ሌላው ለሌላው ወገን ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፍርድ ደግሞ ከሁለቱ የወጣ ነው። ብዙ ልጆች የሚዘጉት «ሁሉም የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው» ብለው ነው፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ጥያቄ ትሆናለች፣ ስለዚህ እኔ ሳርም ማርክ አልሰጣትም።